ጣሳው ለማን ነው? ስለ ፕሮቲን ዱቄት ለወላጆችና ለአዛውንቶች



ለጻባ የሚዘጋጅ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ማድ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ጣሳ አይጠፋም። ልጆቹ «አብቃት ኼልቦን» ይሉታል፣ የፕሮቲን ዱቄት ማለት ነው። እኛ ወላጆች በዚህ ጣሳ ላይ ሁለት ሐሳብ አለን። ገሚሶቻችን «ይሄ ነገር ኩላሊት ይጨርሳል» ብለን እንፈራለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ልጁ ይጠንክርልን» ብለን በየወሩ ብር እናወጣለን።

ነገሩን ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ ብዙ ተነጋግረንበታል፣ የኩፓት ኾሊም ዲየታኒትም አነጋግረናል። ዱቄቱ መድኃኒት አይደለም፣ መርዝም አይደለም። ምግብ ነው። ምግብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሄ ነገር የሚጎድለው ማን ነው?» የሚለው ነው። በብዙ ቤት ጣሳው የሚገዛለት ጎረምሳ ዱቄቱ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ እዚያው ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ቡናና ቁራሽ ዳቦ ይቀማምሳል። የዛሬው ወሬያችን ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ነው።

*አጓት ነው እኮ*

በብዛት የሚሸጠው ዓይነት «ዌይ» ይባላል። ስሙ ባዕድ ቢሆንም ነገሩን እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ እሳት ላይ ለብ ሲል አይቡ ይሰበሰባል፣ አይቡ ሲወጣ ደግሞ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት የሚመስል ውኃ ይቀራል። አጓት ነው። አገር ቤት ለጥጃ ይሰጥ ነበር፣ ልጆችም ይጠጡት ነበር። ዌይ ማለት ይኸው አጓት ነው።

አይብ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ያው ውኃ በብዛት ይተርፋቸዋል። በአንድ ሊትር አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 10 ግራም እንኳ አይሞላም፣ የቀረው ውኃ፣ የወተት ስኳርና ጨው ነው። ስለዚህ በጣም በረቀቀ ወንፊት ያጣሩትና በሞቀ አየር ያደርቁታል። ጥቂት የተጣራው «ኮንሰንትሬት» ይባላል፣ ጥሩው ከ100 ግራሙ 80 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ትንሽ የወተት ስኳርም ይዞ ይቀራል። አብዝቶ የተጣራው «አይሶሌት» ይባላል፣ ፕሮቲኑ ከ90 ግራም ይበልጣል፣ የወተት ስኳሩ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ይሄ ልዩነት እኛን ይመለከተናል። ከመካከላችን ብዙ ትልልቅ ሰዎች ጥሬ ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ያስቀምጣል። ሆድ የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችል ነው። ልጁ ዱቄቱን ከጠጣ በኋላ እንዲህ የሚሆን ከሆነ ዱቄቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ወይ አይሶሌት ይፈልጋል ወይ ከእህል የተሠራውን። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ አይሶሌትም ቢሆን መንካት የለበትም።

*የአተሩስ?*

ከእህል የሚሠራው በአብዛኛው ከአተር፣ ከአኩሪ አተርና ከሩዝ ነው። የአተሩ ዱቄት ቢጫው ክክ ተፈጭቶ፣ ስታርቹና ገለባው ወጥቶለት፣ ፕሮቲኑ ብቻ ሲቀር ማለት ነው።

ፕሮቲን የሚሠራው ከትንንሽ ፍሬዎች ነው፣ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ከእነሱ ዘጠኙን ሰውነት ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት። ጥራጥሬ አንዱ ያንሰዋል፣ ጤፍና ሩዝ ደግሞ ሌላው ያንሳቸዋል። አንድ ላይ ሲበሉ ይሟላሉ። ሽሮውና ምስሩ ከእንጀራ ጋር መቅረቡ ለዚህ ነው የሚያዋጣው፣ እናቶቻችን የአሚኖ አሲድ ስም ሳይሰሙ አሟልተው አብልተውናል። ፋብሪካውም አተሩን ከሩዝ ጋር የሚቀላቅለው በዚሁ ምክንያት ነው። አኩሪ አተር ግን ለብቻውም የተሟላ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ጡንቻ እንዲሠራ የሚቀሰቅሰው አሚኖ አሲድ በአጓቱ ውስጥ በዛ ይላል። ስለዚህ ከአጓቱ 25 ግራም ፕሮቲን በሚወሰድበት ቦታ ከአተሩ 30 ግራም ቢሆን ይመረጣል። ሰውየው በቀኑ ውስጥ ሌላ ምግብም የሚበላ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል። በእኛ ቤት ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስኑት ሆድና ካሽሩት ናቸው። የአጓት ዱቄት ኻላቪ ነው። ልጁ ዶሮ በልቶ ወዲያው ጠርሙሱን ቢያነሳ ካሽሩት ለሚጠብቅ ቤት አይሆንም። የአተሩ አብዛኛውን ጊዜ ፓርቬ ነው፣ ግን ጣዕም የተጨመረበት አንዳንዱ ወተት ይገባበታልና ማኅተሙን ማየት ነው።

*የልጁ ቀን ሲቆጠር*

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ 66 ኪሎ ይመዝናል፣ ቀራቢ መሆን ይፈልጋል፣ በሳምንት አራት ቀን ይሮጣል፣ ክብደት ያነሳል። ስፖርት የማይሠራ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። እንደዚህ ልጅ የሚሠራ ግን ከ1.4 እስከ 1.6 ግራም ይፈልጋል። ለእሱ በቀን 100 ግራም ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ቢጨምር ጡንቻው እየጨመረ አይሄድም። ሰውነት ፕሮቲን የሚያጠራቅምበት ጎተራ የለውም፣ የተረፈውን ያነደዋል ወይም ወደ ስብ ይለውጠዋል።

ልጁ በእርግጥ የሚበላውን አንድ ቀን በወረቀት ጻፍነው። ጠዋት ምንም አልበላም። አሥር ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ትምህርት ቤት አንድ ቡሬካስና ጣፋጭ መጠጥ፣ ፕሮቲኑ 8 ግራም ቢሆን ነው። ከሰዓት አንድ እንጀራ በሽሮ፣ 21 ግራም ገደማ። ማታ ሁለት ቁራጭ ዳቦ በሑሙስ፣ 11 ግራም። ሲደመር 40 ነው። ከስፖርት በኋላ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ይጠጣል፣ 48 ግራም። ያኔ 88 ይሆናል።

እንዲህ ሲታይ ዱቄቱ ያስፈለገው ይመስላል። ግን ዱቄቱ የገባበት ቀዳዳ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ያልተበላው ቁርስ ነው፣ ቡሬካሱም ነው።

ስለዚህ ሌላ ቀን ጻፍን። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦና ግማሽ ኮቴጅ፣ 31 ግራም። በቡሬካሱ ፋንታ ቱና ያለበት ሳንድዊች ከቤት ይዞ ሄደ፣ 18 ግራም። ከሰዓት ያው እንጀራና ሽሮ፣ ከጎኑ የእጅ መዳፍ የምታክል ዶሮ፣ 45 ግራም። ማታ ያው ዳቦና ሑሙስ፣ 11 ግራም። ሲደመር 105 ሆነ። አንድ ማንኪያ ዱቄት አልገባበትም። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፣ የዶሮው መጠንና የሽሮው ውፍረት ይለውጣቸዋል፣ ለውሳኔ ግን ይበቃሉ።

ምግቡ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። ምስሩና ጤፉ ብረት አላቸው፣ ሆድ የሚያለሰልስ ገለባም አላቸው። ለሚሮጥ ሰው ደግሞ እንጀራው ራሱ ጉልበት ነው። ዱቄቱ ግን ፕሮቲን ብቻ ነው። ቁርስ ሳይበላ ዱቄት የሚጠጣ ልጅ ጡንቻ የሚሠራበት ፍሬ አለው፣ የሚሮጥበት ነዳጅ ግን የለውም። ስፖርት መሀል ራሱን የሚያዞረው፣ የሚደክመው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋውንም አስሉ። አንድ ኪሎ ጣሳ 180 ሸቀል ቢሆን 33 ማንኪያ ይወጣዋል፣ አንዷ ማንኪያ 5 ሸቀል ተኩል መጣች፣ ለ24 ግራም ፕሮቲን። አራት እንቁላልም 24 ግራም ነው። 100 ግራም ጥሬ ምስርም እንዲሁ። ሱፐር ስትሄዱ ዋጋቸውን አይታችሁ ራሳችሁ አወዳድሩ።

ይሄን ስንል ልጁ ዱቄት አይቅመስ ማለታችን አይደለም። ከስፖርት ወጥቶ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዓት የሚቆይ፣ ምግብ የማያገኝ ከሆነ አንድ ማንኪያ በውኃ በጥብጦ ቢጠጣ ጤነኛን ልጅ አይጎዳም። ቁርስና ምሳ ግን አይተካም። ገና ለሚያድግ ሕፃን ደግሞ ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም።

*የእማማ ቀን ሲቆጠር*

ከጓዳው ወጥተን ሳሎን ጥግ ላይ ወደተቀመጡት እናታችን እንሂድ። 76 ዓመታቸው ነው። በሳንባ ምች ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ከመታመማቸው በፊት 58 ኪሎ ነበሩ፣ ከሦስት ወር በኋላ 53 ሆኑ። ከወንበር ሲነሱ በሁለት እጃቸው ካልተደገፉ አይሆንላቸውም። ሰው ሲጠይቃቸው «እርጅና ነው ልጄ፣ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ይላሉ።

የእሳቸውንም ቀን ጻፍነው። ጠዋት ቡናና አንድ ቁራጭ ዳቦ፣ 3 ግራም። ቀን ሩብ እንጀራ በቀጭን ሽሮ፣ 8 ግራም። ከዚያ አንድ ትንሽ እርጎ፣ 5 ግራም። ማታ ሻይና ዳቦ፣ 3 ግራም። ሲደመር 19 ነው።

የሚያስፈልጋቸውስ? በዚህ ላይ ብዙዎቻችን በተቃራኒው ነው የምናስበው። «ትልቅ ሰው ምን ይሠራል፣ ትንሽ ይበቃዋል» እንላለን። ነገር ግን የአዛውንት ጡንቻ ለፕሮቲን እንደ ወጣት ቶሎ አይቀሰቀስም፣ ስለዚህ ድርሻው ይጨምራል። ጤነኛ አዛውንት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይፈልጋል፣ ከሕመም የሚያገግም ደግሞ እስከ 1.5 ሊደርስ ይችላል። ለእማማ 1.2 ብንይዝ 64 ግራም ነው። የሚበሉት 19 ነው። ጎረምሳው በቁርስና በሳንድዊች የሚሞላውን ቀዳዳ እሳቸው በምግብ ብቻ መሙላት ይከብዳቸዋል። ጥርሳቸው ሥጋ አያኝክም፣ ሁለት ጉርሻ ሲበሉ ሆዳቸው ይሞላል። ሰውነት በቂ ካላገኘ ከራሱ ጡንቻ ነቅሎ ይበላል፣ የጭን ጡንቻ ሲያልቅ ደግሞ መውደቅ ይመጣል፣ ከመውደቅ የዳሌ ስብራት።

አንድ ነገር ግን ከዱቄቱ ይቀድማል። አዛውንት ሳያስበው በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ20 እጅ አንዱን ካጣ፣ ለምሳሌ ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ ከቀነሰ፣ ለሮፌ ሚሽፓኻ መንገር ግድ ነው። ከበስተጀርባው ሌላ በሽታ፣ የመዋጥ ችግር፣ የጥርስ ሕመም ወይም የልብ ኀዘን ሊኖር ይችላልና። እማማም መጀመሪያ ተመረመሩ፣ የኩላሊታቸው ምርመራ ደህና መሆኑ ታየ፣ ከዚያ ነው ዲየታኒቷ ዱቄቱን የፈቀደችው።

እንዲህ ተደረገ። ጠዋት ከዳቦው ጋር አንድ ለስላሳ እንቁላል ተጨመረ። ረፋድ ላይ የአጃ አጥሚት ይሠራላቸዋል፣ እሱ ውስጥ ጣዕም የሌለው የአጓት ዱቄት አንድ ማንኪያ ይገባል። የቀኑ ሽሮ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። እርጎው እንዳለ ነው። ማታ ከዳቦው ጋር 100 ግራም ኮቴጅ። ሲደመር ከ60 ግራም በላይ ሆነ። ልብ በሉ፣ ከጣሳው የመጣው 24 ግራሙ ብቻ ነው፣ የቀረው የማድ ቤት ነው።

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ዱቄቱን የሚፈላ አጥሚት ላይ ብትበትኑት እንደ እንቁላል ይቋጠራል፣ እማማም «ይሄ ምንድን ነው» ብለው ይተዉታል። መጀመሪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት። አጥሚቱን ከእሳት አውርዱት፣ ለመጠጣት እስኪመች ለብ ይበል፣ ከዚያ የተበጠበጠውን ጨምሩና አማስሉ። በሥጋ መረቅ ውስጥ መስጠት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፓርቬ የሆነውን የአተር ዱቄት ተጠቀሙ። ሰዓቱም ይታሰብበት። ከምሳ በፊት ከተሰጠ ሆድ ሞልቶ ምሳው ይቀራል፣ በምግብና በምግብ መካከል ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

ፕሮቲን ብቻውን ደግሞ ጡንቻ አይሠራም፣ ጡንቻው መሥራት አለበት። ፊዚዮቴራፒስቷ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን አስተማረቻቸው፣ ጠዋት አምስት ጊዜ፣ ማታ አምስት ጊዜ፣ ሰው አጠገባቸው ቆሞ። ከሦስት ወር በኋላ 55 ኪሎ ሆኑ፣ ከወንበር በአንድ እጅ ተደግፈው መነሳት ጀመሩ። ወደ ድሮው አልተመለሱም፣ መታጠቢያ ቤት ግን ሰው ሳይጠሩ ይሄዳሉ።

*ኩላሊትና ክኒን*

ስለ ኩላሊት የሚወራው ግማሹ እውነት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው ከላይ ባልነው መጠን ፕሮቲን ቢበላ ኩላሊቱን እንደሚጎዳው አልታየም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ሌላ ነው፣ ፕሮቲኑ የተጎዳውን ኩላሊት ሥራ ያበዛበታል፣ ሐኪሙም እንዲቀንስ ሊያዘው ይችላል። ዲያሊሲስ የሚደረግለት ደግሞ በተቃራኒው ተጨማሪ ፕሮቲን ይፈልጋል። ስለዚህ የአንዱ ምክር ለሌላው አይሠራም።

የሚያሳስበን ኩላሊት ሲታመም ለረጅም ጊዜ የማያሳምም መሆኑ ነው። ከእኛ መካከል አገር ቤት የማያውቁት የስኳር በሽታ እዚህ ከመጡ በኋላ የያዛቸው ብዙ ናቸው፣ ደም ግፊትም እንዲሁ። ሁለቱም ቀስ ብለው ኩላሊት ይጎዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዱቄት ከመጀመሩ በፊት በደሙ ውስጥ ክሬአቲኒን፣ በሽንቱ ውስጥ ደግሞ አልቡሚን ይመርመርለት። ኩፓት ኾሊም የተለመደ ምርመራ ነው፣ ከሐኪሙ ጠይቁ።

የታይሮይድ ክኒን የሚወስዱም አሉ፣ ኤልትሮክሲን የሚባለውን። አኩሪ አተርና ካልሲየም ያለበት ዱቄት ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ክኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ ይዋጥ፣ ዱቄቱ ቢያንስ ከአራት ሰዓት በኋላ ይሁን። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ጣሳውን ፋርማሲ ይዞ ሄዶ «ከዚህ ክኒን ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አያፍርም።

*ጣሳ ሲገዛ*

መግዛት ካለባችሁ ጣሳውን አዙሩትና ጀርባውን አንብቡ፣ ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ልጁ ያንብብላችሁ። ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ አንዱ ማንኪያ ስንት ግራም ነው፣ በውስጡስ ስንት ግራም ፕሮቲን አለ። 30 ግራም ማንኪያ ውስጥ 24 ግራም ካለ ጥሩ ነው። «ጌይነር» የሚባለው ትልቅ ጣሳ ግን 100 ግራም ተሰፍሮ ፕሮቲኑ 20 ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የቀረው በአብዛኛው ስኳርና ስታርች ነው። ስኳር ላለበት ሰው ይሄ አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ከምን እንደተሠራ ያለውን ዝርዝር እዩ። አጭር ሲሆን ይሻላል። ከፕሮቲኑ አጠገብ የሚሸጠው «ፕሪ ወርክአውት» የሚባለው ሌላ ነገር ነው፣ ፕሮቲን አይደለም። አንዷ ማንኪያው 200 ወይም 300 ሚሊ ግራም ካፌይን ሊኖራት ይችላል፣ ሁለት ሦስት ስኒ ቡና በአንድ ጉንጭ ማለት ነው። ልጃችሁ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጣሁ የሚል ከሆነ የትኛውን ጣሳ እንደሚጠጣ ተመልከቱ።

ሦስተኛው ነገር ጣሳው ላይ አይጻፍም። ይሄ ዱቄት በሕግ የሚታየው እንደ ምግብ ነው፣ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንደሚፈተነው አይፈተንም። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት በ2025 ዓ.ም. በፈረንጆች 23 ዓይነት ዱቄትና የተዘጋጀ መጠጥ መርምሮ ነበር። ከእህል በተሠሩት ውስጥ ያገኘው እርሳስ በአማካይ ከወተት ከተሠሩት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ነበር። እርሳስ ሲባል የብረቱ ዓይነት ነው፣ በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም፣ ተክል ከአፈር ይስበዋል፣ እህሉ ተጣርቶ ሲደርቅ ይከማቻል። ካካዎም ከአፈር እንዲህ ያለ ብረት ስለሚስብ ቸኮላት ጣዕም ያለው ሊብስ ይችላል። አንድ ቀን የጠጣ ሰው አይታመምም፣ ጉዳዩ በየቀኑ ለዓመታት ለሚጠጣ ነው፣ ይበልጡን ለእርጉዝ ሴትና ለልጅ። ከእህል የተሠራውን የምትመርጡ ከሆነ በየቀኑ አታድርጉት፣ ቸኮላቱን ተዉና ቫኒላውን ወይም ጣዕም የሌለውን ውሰዱ። «ኤን ኤስ ኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት» ወይም «ኢንፎርምድ ስፖርት» የሚል ማኅተም ያለው በሌላ ገለልተኛ ወገን የተመረመረ ነው።

ጂም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ፣ መለያ የሌለው ከረጢት ግን ዋጋው ምንም ቢረክስ አይገዛ። ጡንቻ ያወጣል ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ውስጥ ያልተጻፈ የሆርሞን መድኃኒት ተገኝቷል። ይሄ ነው ልጅን የሚጎዳው።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡ። የልጁን አንድ ቀን ጻፉ፣ የእማማን ወይም የአባባን አንድ ቀን ከጎኑ ጻፉ። እንቁላል 6፣ ኮቴጅ ሙሉው 27፣ የቱና ቆርቆሮ 25፣ አንድ ሰሐን ምስር 15 ገደማ፣ እንጀራ 12 ብላችሁ ደምሩ። ክብደታቸውን እዩ። ከዚያ ጣሳው ለማን እንደሚያስፈልግ ወረቀቱ ይነግራችኋል። አንዳንዴ «ለማንም» ይላችኋል፣ ያኔ ምስሩን በዛ አድርጋችሁ ቀቅሉ።

ጤናውን ያብዛልን።